የቃለ መጠይቅ ግልባጭን ማጠቃለል ምንድን ነው?

ስንሰማው ጥርት ያለ የሚመስል ንግግር ወረቀት ላይ ሲገለበጥ ሌላ ነገር ነው። «እ...»፣ «እንትን»፣ «ያው»፣ «ማለት ነው»፣ «ምን መሰለሽ» ይበዛበታል። ሰውየው አንድ ነገር ይጀምርና ይተወዋል። ያለውን መልሶ ይላል። ጆሮ ይህን ሁሉ እየሰማ ያጣራዋል፤ ዐይን ግን እያንዳንዱ ላይ ይደናቀፋል። ጥፋቱ የተናጋሪው አይደለም። ሳያነብ የሚናገር ሰው ሁሉ እንዲህ ነው። በእንግሊዝኛ ንግግር ላይ የተሠሩ ጥናቶች ዝምታው ሳይቆጠር በየመቶው ቃል 6 ገደማ እንዲህ ዓይነት መሰናክል እንደሚኖር ገምተዋል።

ግልባጭን ማጠቃለል ማለት ከዚህ መሃል ተናጋሪው ያለውን ነገር፣ ባለው ልክ፣ በአጭሩ ማስቀመጥ ነው። ከባዱ «ባለው ልክ» የሚለው ነው። ሥራው በውስጡ ሁለት ሥራ አለው፦ ማጽዳትና ማሳጠር። ብዙ ሰው ሁለቱን ባንድ ጊዜ ሊያደርግ ይሞክራል። ስህተት የሚገባውም እዚያ ጋ ነው፤ ምክንያቱም ግልባጩ ላይ ቆሻሻ የሚመስለው ሁሉ ቆሻሻ አይደለም።

በምሳሌ እንየው። የሚከተለው ለዚህ ጽሑፍ የተዘጋጀ ነው። ሽሮ ሜዳ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ሸማኔ ለአንዲት ወጣት ጠያቂ የሚሰጡት መልስ ነው እንበል።

«እ... እኔ እንግዲህ አዲስ አበባ የመጣሁት በ... በስልሳ አራት ነው፤ አይ፣ ስልሳ አምስት። ረሃቡ ነበር አይደል የዚያን ጊዜ? አዎ፣ ስልሳ አምስት። ሽሮ ሜዳ... አጎቴ ነው ያኔ እዚያ... እሱ ጋ ነው ያረፍኩት። ሸማ ሥራ እሱ... ማለት አባቴ ነው ያስተማረኝ፣ በልጅነቴ። እንትኑን፣ መወርወሪያውን ብቻ... በቃ ሌላው ሁሉ እዚህ ነው የለመድኩት። በቀን ምን... ሁለት ብር፣ ሁለት ብር ከሃምሳ ገደማ አገኝ ነበር መሰለኝ። ብዙ ነበር ያኔ። ብዙ ነበር። ደርግ ሲገባ ማኅበር ግቡ ተባልን። እኔ ማኅበሩን... ያው ታውቂዋለሽ የዚያን ጊዜ ነገር። እና ክሩ በማኅበሩ በኩል ነበር የሚመጣው፣ ማለት ነው።»

መጀመሪያ ቀላሉን እናውጣ። «እ...»፣ «እንግዲህ»፣ «በቃ»፣ መጨረሻ ላይ ያለው «ማለት ነው» ቢወጡ ከታሪኩ የሚጎድል ነገር የለም። አፍ ሐሳብን ሲጠብቅ የሚሞላቸው ክፍተቶች ናቸው። የቋንቋ አጥኚዎቹ ኸርበርት ክላርክና ጂን ፎክስ ትሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጽሑፍ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በአጭር መዘግየትና በረጅም መዘግየት ጊዜ የሚያሰሙት ድምፅ እንደሚለያይ አሳይተዋል። ስለዚህ ለአነጋገር ተመራማሪ «እ...» ራሱ መረጃ ነው። ለማጠቃለያ ጸሐፊ ግን አይደለም፤ ይውጣ።

ቀጥሎ ያለው እርማት ነው። ሰውየው «ስልሳ አራት» አሉ፣ «አይ» አሉ፣ «ስልሳ አምስት» አሉ። እርማት ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት አካሄድ አለው፦ የሚጣለው፣ የተቋረጠበት ቦታ፣ ምልክት የሚሆን ቃል፣ ከዚያ ምትኩ። ምልክቱ «አይ»፣ «ማለቴ»፣ «ኧረ» ወይም «ይቅርታ» ሊሆን ይችላል። አንዳንዴም ምንም ላይኖር ይችላል። የሚያዘው ምትኩ ብቻ ነው። «በ1964 ወይም በ1965» ብሎ መጻፍ ጥንቃቄ ይመስላል እንጂ ስህተት ነው። ሰውየው አልተጠራጠሩም፤ አርመዋል። ደግሞም ያረሙት በማስረጃ ነው፤ ዓመቱን ያያያዙት ከረሃቡ ጋር ነው። ወሎን የመታው ያ ረሃብ የ1965 መሆኑ ይታወቃል። እንዲህ ያለውን ማስረጃ ማጠቃለያው ውስጥ ማቆየት ይሻላል፤ ቀኑ ከምን እንደመጣ ለአንባቢ ይነግረዋል። እርማት ስታዩ ግን ሁለት ሦስት መስመር ወደ ታች ሳታነቡ አትወስኑ። «አይ፣ የመጀመሪያው ነው ልክ» የሚል ተናጋሪ ሞልቷል።

አሁን «ማለት» የምትለዋን ተመልከቱ። ሁለት ጊዜ መጥታለች። መጨረሻ ላይ ያለችው ባዶ ናት። «እሱ... ማለት አባቴ ነው ያስተማረኝ» ላይ ያለችው ግን የእርማት ምልክት ናት፤ «እሱ» የተባለው አጎትየው ነበሩ፣ ተሽረው አባትየው ገቡ። ኮምፒዩተር ላይ ቃሉን ፈልጎ ሁሉንም ባንዴ የሚያጠፋ ሰው እጁ ላይ የሚቀረው «ሸማ ሥራ እሱ አባቴ ነው ያስተማረኝ» ነው። አጎትየው አባት ሆነው ቁጭ! ዐረፍተ ነገሩ ስለማይጎረብጥ ማንም አይነቃም። የመሙያ ቃላት ዝርዝር አዘጋጅቶ በጅምላ መሰረዝን የምቃወመው ለዚህ ነው። ቃሉን ባዶ የሚያደርገው ቦታው ነው።

ከመሙያ ጋር አብረው የሚታጨዱ ሌሎችም አሉ። «መሰለኝ»፣ «ገደማ»፣ «እኔ እንጃ»፣ «አሉ»። እነዚህ ተናጋሪው ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ የሚናገሩ ናቸው። «ብዙ ሰው አለቀ አሉ» ያለ ሰው ያየውን አልተናገረም፤ የሰማውን ነው። «አሉ» ከወጣች የዐይን ምስክር አደረግነው ማለት ነው። ሸማኔያችንም ገቢያቸውን ሲናገሩ «ገደማ» እና «መሰለኝ» ብለዋል። ሁለት ብር እና ሁለት ብር ከሃምሳ መሃል ደግሞ «አይ» የሚል ነገር የለም፤ «ገደማ»ም ተከትሏቸዋል። ስለዚህ እርማት አይደለም፤ ከዚህ እስከዚህ ማለታቸው ነው።

ድግግሞሽ ሁለት መልክ አለው። «በ... በስልሳ አራት» መንተባተብ ነው፤ አንዱ ይበቃል። «ብዙ ነበር ያኔ። ብዙ ነበር» ግን ሙሉ ዐረፍተ ነገር ተደግሞ ነው። ጠያቂዋ እንዳትጠራጠር አጽንተው ነው የተናገሩት። እሱንም ሁለቴ መጻፍ አያስፈልግም፤ አጥብቀው መናገራቸውን መግለጽ በቂ ነው። ክፍል ውስጥ የሚሰጥ ትምህርት ላይ ነገሩ ይለያል። መምህር ሆን ብሎ ይደጋግማል። የኛ አገር የዩኒቨርሲቲ መምህር ደግሞ አንዱን ነጥብ በእንግሊዝኛ ይልና በአማርኛ ይመልሰዋል። ሁለት ነጥብ አድርጎ የሚቆጥር ተማሪ ማስታወሻው በእጥፍ ይረዝምበታል። እዚያ ላይ ሁለቱን አነጋገሮች ጎን ለጎን አይቶ ግልጽ የሆነውን መያዝ ነው።

ዋናው ችግር ግን ሳያልቅ የተተወው ዐረፍተ ነገር ነው። አማርኛ ላይ ደግሞ ይብሳል። የኛ ግሥ መጨረሻ ነው የሚመጣው። ማን እንዳደረገ፣ መቼ እንደሆነ፣ ሆነ ወይስ አልሆነ፣ ሁሉም የሚታወቀው እዚያ ጫፍ ላይ ነው። ተናጋሪው ከግሡ በፊት ካቆመ የቀረልን ተሳቢና ባለቤት ብቻ ነው። «እኔ ማኅበሩን...» ምን? ተቀላቀልኩ? ሸሸሁ? አልወደድኩትም? «ን» የምትለዋ አንድ ነገር ማኅበሩ ላይ እንደተደረገ ትጠቁማለች እንጂ ምን እንደሆነ አትነግረንም።

እዚህ ላይ የማጠቃለያ ጸሐፊው አእምሮ ሳይጠየቅ ይሠራል። ቀጥሎ ክሩ በማኅበሩ በኩል ይመጣ እንደነበር ስለሚያነብ «ማኅበሩን ተቀላቀሉ» ብሎ ይዘጋዋል። ሊሆን ይችላል። ግን ሰውየው አላሉትም። «ታውቂዋለሽ የዚያን ጊዜ ነገር» ብለው ማለፋቸው ምናልባት ሊናገሩት ያልፈለጉት ነገር ስለሆነ ይሆናል። ግሥ ያበደርናቸው እኛ ነን።

በተቃራኒው «መወርወሪያውን ብቻ...» የሚለውም ግሥ የለውም፤ ግን አያሳስብም። ከፊቱ «ያስተማረኝ» አለ፣ ከኋላው «ሌላው ሁሉ እዚህ ነው የለመድኩት» ይላል። ጎዶሎውን ተናጋሪው ራሳቸው ሞልተውታል። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ክፍተቱን የሚሞላው የተናጋሪው ቃል ከሆነ ሙላ፣ ያንተ ግምት ከሆነ ክፍት ተወው።

ስለዚህ አሠራሩ እንዲህ ቢሆን ይመረጣል። መጀመሪያ ግልባጩን ከድምፁ ጋር እየሰሙ ማንበብ። ብዙ ጊዜ እርማትና ማቋረጥ የሚለየው በድምፅ አወራረድ ነው፤ ወረቀት ላይ ሁለቱም ሦስት ነጥብ ናቸው። ከዚያ ዋናው ግልባጭ ሳይነካ ሌላ ቅጂ ላይ ማጽዳት። ያልተጨረሱትን ዐረፍተ ነገሮች ከነደቂቃቸው ምልክት ማድረግ። ማሳጠር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሲያሳጥሩም በተነገረበት ቅደም ተከተል ሳይሆን በጉዳይ ማሰባሰብ ነው፤ ሰው ስለ አባቱ በአምስተኛው ደቂቃ የጀመረውን በአርባኛው ሊጨርሰው ይችላል።

ማጠቃለያው ካለቀ በኋላ የምመክረው አንድ ፍተሻ አለ። እያንዳንዱን ግሥ አስምሩበትና ግልባጩ ላይ ፈልጉት። ራሱ ወይም ተመሳሳዩ ከተናጋሪው አፍ ወጥቷል? ካልወጣ ከየት መጣ? በዚህ መንገድ ሲታይ የሸማኔው ማጠቃለያ ይህን ይመስላል፦

«ባለ ታሪኩ ወደ አዲስ አበባ የመጡት በ1965 ዓ.ም. ነው፤ ዓመቱን የሚያስታውሱት በረሃቡ ነው። ያረፉት ሽሮ ሜዳ አጎታቸው ጋ ነበር። ከሸማ ሥራ በልጅነታቸው ከአባታቸው የተማሩት መወርወሪያውን ብቻ ነው፤ ሌላውን የለመዱት አዲስ አበባ ነው። በቀን ከ2 ብር እስከ 2 ብር ከ50 ገደማ ያገኙ እንደነበር ይገምታሉ፤ ለዚያ ጊዜ ብዙ እንደነበረም አጥብቀው ይናገራሉ። ደርግ ሲገባ ማኅበር እንዲገቡ ተነግሯቸው ነበር፤ ክሩም በማኅበሩ በኩል ይመጣ ነበር። ስለ ራሳቸውና ስለ ማኅበሩ የጀመሩትን ዐረፍተ ነገር አልጨረሱትም።»

የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር አንዳንድ አርታዒ «ምን ያደርግልናል?» ብሎ የሚሰርዘው ነው። ባይሰረዝ ጥሩ ነው። ጠያቂዋ ሽሮ ሜዳ ተመልሳ ከሄደች መጀመሪያ የምትጠይቀው ይህንኑ ነው።