«ኃላፊ ብሆንም ካቻቢቴዬን አልጥልም»

«ጋሼ፣ የጥገና ክፍሉን ያዝ ብለውኛል። እኔ ደግሞ የምወደው ማሽኑን ነው። ምን ይመክሩኛል?»

ይህን ጥያቄ ጎበዝ ኤሌክትሪሽያን በተሾመ ቁጥር እሰማዋለሁ። ተከትለው የሚመጡትም ያው ናቸው።

«ኃላፊ ብሆንም ግማሽ ቀን እጄን አስገባለሁ»

እኔም ብዬ ነበር። በተሾምኩ በሁለተኛው ወር የማሸጊያው ኮንቬየር ሞተር በየሃያ ደቂቃው ይቆም ጀመር። ኦቨርሎዱ ይመታል፣ ሥሬ ያለው ልጅ ሪሴት ያደርገዋል፣ ይነሳል፣ ደግሞ ይቆማል። ትዕግሥቴ አለቀና ካቻቢቴውን ከእጁ ነጠቅኩት። በክላምፕ ሜትር ስለካ ሁለቱ ፌዞች 12 አምፔር ይስባሉ፣ ሦስተኛው 6። ኮንታክተሩን ስከፍት አንዱ ኮንታክት ተቃጥሏል። በአሥር ደቂቃ ቀየርኩት። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

በወሩ ሌላ ማሽን ላይ ያው ብልሽት መጣ። ልጁ ሪሴት ሲያደርግ አመሸና ሌሊት 8 ሰዓት ደወለልኝ። ምን ያድርግ? ሜትሩን መቼ አስያዝኩት? እኔ ታች ሞተር ስፈታ የዋልኩ ቀን ደግሞ የቤሪንግ ግዢ ጥያቄው ጠረጴዛዬ ላይ ፊርማ ሲጠብቅ ነበር።

የኃላፊ ሥራ ሜትሩን ለልጁ ሰጥቶ፣ እጅን ኪስ ከትቶ፣ «ሦስቱንም ፌዝ ለካ» ብሎ መቆም ነው። አንተ በአሥር ደቂቃ የምትጨርሰውን እሱ በአርባ ይጨርሰዋል። የምርት ክፍሉ እየጮኸብህ ነው እንግዲህ። ለአንድ ወር በተጠባባቂነት ልያዘው በልና ሞክረው፣ ወደ ቦታህ እንደምትመለስም በደብዳቤ አስጽፍ። ያቺን አርባ ደቂቃ መቆም ካልቻልክ አትቀበል። ልጁ ብቻውን ሲያገኘው ከራስህ ጥገና እኩል ደስ ካለህ ግን ተቀበል።

«ደመወዙስ ጋሼ?»

ቁጭ ብለህ አስላው። ከ18,000 ወደ 23,000 ብር ቢያሳድጉህ ከጭማሪው 35 በመቶ ግብር፣ 7 በመቶ ጡረታ ይሄዳል። እጅህ የሚገባው 2,900 ብር ነው። አሁን በወር ሦስት እሁድ ስምንት ስምንት ሰዓት ከገባህ፣ የእረፍት ቀን ክፍያ እጥፍ ስለሆነ፣ ከግብር በኋላ 2,700 ብር ገደማ ታገኛለህ። መቅጠርና ማሰናበት የሚያስችል ሥልጣን ከተሰጠህ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ መሪ ትባላለህ፣ አዋጁም አይሸፍንህም። ውልህ ላይ ካልተጻፈ የትርፍ ሰዓቱ ክፍያ ቀረ። ለ200 ብር ነው እንግዲህ ሌሊት ስልክ የምታነሳው።

«እምቢ ካልኩ ሌላ ሰው አለቃዬ ይሆናል»

አዎ፣ ይሆናል። ምናልባትም ያ ካቻቢቴውን የነጠቅኩት ልጅ። አሁን እኮ ከእኔ ይሻላል፣ ሰው ሲለካ ቆሞ ያያል።