አመክሮ፣ ነጥብና ሁለት ሰፈር

«ሁለት ሦስተኛውን ከጨረሰ በአመክሮ ይወጣል፤ መብቱ ነው።»

ደሴ ማረሚያ ቤት ስንቅ የሚያመላልስ ቤተሰብ ይህን ስሌት በጣቱ ይቆጥራል። ቆጠራው ልክ ነው፣ ግን አይበቃም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 202 ፍርድ ቤቱ ሊፈቅድ እንደሚችል ነው የሚናገረው። ታራሚው በሥራውና በጠባዩ መሻሻሉን ማሳየት አለበት፤ የበደለውንም በአቅሙ መካስ። ዕድሜ ልክ ለተፈረደበት ቆጠራው 20 ዓመት ነው።

«አሜሪካ ኮምፒውተር ነው የሚፈታህ። 8 ካገኘህ 80 በመቶ ትደግማለህ ማለት ነው።»

የሚወስነው እዚያም ሰው ነው፤ ነጥቡ ግን ፋይሉ ውስጥ ይገባል። የኒውዮርክ የአመክሮ ቦርድ የሚያየው ኮምፓስ የሚባለው ፕሮግራም ታራሚው ወንጀል ይደግም እንደሆነ ለመገመት ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል። ይህ የክፍል ደረጃ ዓይነት ነገር ነው። ልጅህ ሦስተኛ ወጣ ሲሉህ አማካይ ውጤቱ ስንት እንደሆነ አታውቅም። 8ም እንዲሁ ከሌሎች ጋር ሲነጻጸር የት እንደቆመ ብቻ ይናገራል።

«ማሽን ዘር አይጠይቅም፤ ስለዚህ አያዳላም።»

ኮምፓስ እውነትም ዘር አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ2016 ግን ፕሮፐብሊካ የተባለ የምርመራ ጋዜጠኞች ተቋም በፍሎሪዳ ብራዋርድ ካውንቲ የተያዙ ሰዎችን ነጥብ ይዞ ሁለት ዓመት የሆነውን አየ። ወንጀል ካልደገሙት ጥቁሮች 45 በመቶ ያህሉ «አደገኛ» ተብለው ነበር። ካልደገሙት ነጮች 23.5 በመቶ። ኮምፓስን የሠራው ኩባንያ በበኩሉ «አደገኛ ካልናቸው መካከል የሚደግሙት በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ናቸው» ብሎ ተከራከረ። የሚገርመው፣ ሁለቱም የቆጠሩት ልክ ነው!

እንዴት? ኮምቦልቻ ላይ ሁለት ሰፈር እናስብ፤ ቁጥሩ የኔ ፈጠራ ነው። ከየሰፈሩ 100 ሰው ተፈታ። በሁለቱም ሰፈር «አደገኛ» ከተባሉት 60 በመቶው፣ «ደህና» ከተባሉት 20 በመቶው ይደግማል። እስከዚህ እኩል ነው። ላይኛው ሰፈር ግን 60 ሰው «አደገኛ» ተባለ፣ ታችኛው 20።

ላይኛው ሰፈር ከ60ዎቹ 24ቱ አልደገሙም። ከ40ዎቹ «ደህናዎች» ደግሞ 32ቱ። በጠቅላላው 56 ሰው አርፎ ተቀመጠ፤ ከነሱ 24ቱ፣ ማለትም 43 በመቶው፣ በከንቱ «አደገኛ» ተብሏል። ታችኛው ሰፈር አርፈው ከተቀመጡት 72 ሰዎች በከንቱ የተፈረጁት 8 ናቸው፤ 11 በመቶ።

ላይኛው ሰፈር ለምን 60 ሆነ? ጉዱ እዚህ ነው። «ደገመ» የሚባለው ብዙ ጊዜ እንደገና የተያዘ ሰው ነው። ፓትሮል የበዛበት ሰፈር ልጅ ለዚያው ጠብ ቶሎ ይያዛል፤ መዝገቡም ይወፍራል። ፕሮግራሙ ከዚያ መዝገብ ይማራል። መጠይቁም የጓደኛንና የቤተሰብን መታሰር ይጠይቃል። ዘርን ሳይጠይቅ ሰፈርህን አወቀ ማለት ነው።

ስለዚህ «ስንት በመቶ ትክክል ነው?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን ምንም አያሳይም። ካልደገሙት ውስጥ ስንቱ «አደገኛ» እንደተባለ ለየሰፈሩ ለብቻ ይቆጠር።