የክምችት ማንቂያ ገደብ አወሳሰን በድሬዳዋ ሱቆች

የክምችት ማንቂያ ገደብ ማለት አንድ ዕቃ እዚህ ቁጥር ላይ ሲደርስ «እዘዝ» የሚል ምልክት የሚሰጥበት መጠን ነው። በድሬዳዋ ሚኒ ማርኬቶችና ጅምላ መደብሮች ሥራው በሽያጭ ፕሮግራም ወይም በኤክሴል ይሠራል። ገደቡ ሲያንስ ዕቃው ሳይታሰብ ያልቃል። ሲበዛ ደግሞ ማያ ገጹ ጠዋት ማታ ቀይ ይሆንና ሠራተኛው ማየቱን ይተዋል። ሁለተኛው የከፋ ነው፤ ትክክለኛው ማንቂያም አብሮ ሳይታይ ያልፋልና።

የጫጫታው ዋና ምንጭ ለሁሉም ዕቃ አንድ ቁጥር መስጠት ነው። ፕሮግራሙ ሲጫን ለሁሉም ለምሳሌ 10 ተብሎ ይጀመራል፤ እዚያው ይቀራል። ገደብን የሚወስነው ግን የሽያጩ ፍጥነት ብቻ ሳይሆን ዕቃው ከታዘዘ በኋላ እስኪደርስ የሚፈጀው ጊዜም ጭምር ነው።

ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና የሚመጣ ባለ 5 ሊትር ዘይትን እንውሰድ። ሱቁ በ30 ቀን 300 ጀሪካን ሸጧል፤ ከ30ው ግን 5 ቀን ዘይት አልነበረውም። ስለዚህ የሚካፈለው ለ25 ነው፤ አማካዩ በቀን 12 ይሆናል። ለ30 ቢካፈል 10 ይወጣና ያለፈው እጥረት የሚቀጥለውን ይወልዳል። ሞቅ ባለ ቀን ሽያጩ 16 ይደርሳል። ጭነቱ በአብዛኛው በ5 ቀን ይገባል፤ ሲዘገይ 8 ቀን ይፈጃል። ከፍተኛው ሽያጭ በረጅሙ ጊዜ ሲባዛ 16 × 8 = 128 ጀሪካን ይመጣል፤ ገደቡ ይህ ነው። ከዚህ ውስጥ 60ው የተለመደው የ5 ቀን ሽያጭ ነው፤ 68ቱ መጠባበቂያ ነው።

የታሸገ ውሃ በዚያው ሱቅ በቀን 20 ፓክ፣ በሙቀቱ ወቅት 30 ፓክ ይሸጣል እንበል። አከፋፋዩ ከተማው ውስጥ ስለሆነ ቢዘገይ በ2 ቀን ያደርሳል። ገደቡ 60 ብቻ ነው። ውሃው ከዘይቱ ይበልጥ እየተሸጠ ገደቡ ከግማሽ በታች ሆነ፤ ልዩነቱን ያመጣው መንገዱ ነው። ይህ ስሌት ጥንቃቄ የሚያበዛ በመሆኑ ደንበኛ ቢያጣቸው ሌላ ሱቅ ለሚሄድባቸው ዕቃዎች ይጠቅማል። ቀስ ብሎ ለሚሸጥ ዕቃ ግን ገንዘብ መደርደሪያ ላይ ማሰር ነው፤ እዚያ አማካዩን ሽያጭ በተለመደው የማድረሻ ጊዜ አባዝቶ ትንሽ መጨመር ይበቃል።

ገደቡ ልክ ሆኖም ጫጫታው ላይቆም ይችላል። ዘይቱ 128 ሲደርስ 160 ታዘዘ እንበል። ፕሮግራሙ የሚቆጥረው መጋዘን ያለውን ብቻ ከሆነና በእያንዳንዱ ሽያጭ የሚያስጠነቅቅ ከሆነ፣ ጭነቱ እስኪገባ በሚሸጡት 60 ጀሪካኖች 60 ጊዜ ይጮኻል፤ ትዕዛዙ ግን አስቀድሞ ተሰጥቷል። መፍትሔው በእጅ ያለውን ከታዘዘው ጋር ደምሮ ከገደቡ ጋር ማወዳደር ነው፤ 128 + 160 = 288 ስለሆነ ዝም ይላል። ሁለተኛ ደረጃ ግን ያስፈልጋል፦ በእጅ ያለው ብቻውን ለ2 ቀን ወደሚበቃ መጠን ማለትም ወደ 24 ሲወርድ ጭነቱ መንገድ ላይ ቢሆንም ይጮኽ። ያኔ የሚሠራው ሥራ ሌላ ነው፤ ለሹፌሩ ይደወላል፣ ከከተማው ጅምላ ሻጭ ጥቂት ካርቶን ይገዛል። በኤክሴል B በእጅ ያለው፣ C የታዘዘው፣ D ገደቡ፣ E የአስቸኳይ ቁጥሩ ከሆነ፦

```
=IF(B2<=E2,"አስቸኳይ",IF(B2+C2<=D2,"እዘዝ",""))
```

ጭነቱ ሲገባ C መቀነስ አለበት። ካልተቀነሰ ያው ዕቃ ሁለት ጊዜ ይቆጠርና ማንቂያው በሚያስፈልግበት ቀን አይመጣም። አሃዱም አንድ ይሁን፤ አራት ጀሪካን በሚይዝ ካርቶን የሚቆጥር ሱቅ ገደቡን 32 ማለት አለበት። በካርቶን እየቆጠረ 128 ብሎ ከጻፈ ቀዩ አይጠፋም።

በድሬዳዋ ዓመቱን ሙሉ አንድ ገደብ አይሠራም። በረመዳን ሳምቡሳው ዘይት ይጨርሳል፤ ሽያጩ በቀን 30 ከደረሰ ገደቡ 240 ይሆናል። ቁጥሩ የሚቀየረው ጾሙ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ስለሚቀድም ካለፈው ዓመት የሚነጻጸረው የጾሙ ወር እንጂ ያው የቀን መቁጠሪያ ወር አይደለም። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ደግሞ የቁልቢ ገብርኤል ተጓዥ ከተማዋን ይሞላል፤ ያን ሰሞን የሚነካው በይበልጥ ውሃውን ነው። ከበዓሉ በኋላ ቁጥሩን መመለስ የሚረሳ ብዙ ነው፤ 240 እንደተጻፈ ከቀረ ዘይቱ ሳያስፈልግ ለወራት ሲታዘዝ ይኖራል።

ገደቡን ለመመርመር የአንድ ወር ማንቂያዎችን ወስዶ ስንቱ ወደ ትዕዛዝ እንደተለወጠ ማየት ይበቃል። ከግማሽ በላዩ ዝም ተብሎ ከታለፈ፣ የታለፉትን ዕቃዎች ገደብ አንድ በአንድ ማየት ነው። ያለ ማንቂያ ያለቀ ዕቃ ካለ ግን ገደቡን ከመንካት በፊት መደርደሪያውን በእጅ መቁጠር ይቀድማል፤ ያፈሰሰ ጀሪካን ወይም ሳይመዘገብ በዱቤ የወጣ ካርቶን በመዝገቡ ላይ እንዳለ ሊቆጠር ይችላል።