ዚፕክሪፕቶ ምንድን ነው? ኤኢኤስስ በምን ይበልጠዋል?

አንድ ወዳጄ የቤተሰቡን ሰነዶች ስካን አድርጎ በአንድ ዚፕ ፋይል ሰበሰባቸውና ፓስወርድ አደረገበት። ፓስወርዱ 24 ፊደል ነው፤ ቁጥርም ምልክትም አለበት። «ይሄን ማንም አይሰብረውም» አለኝ። እውነት ነው፣ ፓስወርዱን በግምት የሚያገኘው የለም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ፋይሉ የተቆለፈው በዚፕክሪፕቶ ነበር፤ ዚፕክሪፕቶ ደግሞ ፓስወርዱን ሳያውቁትም ሊከፈት ይችላል።

ይሄ እንዴት ይሆናል? ብዙ ሰው ፓስወርድን በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ ያስበዋል። ዚፕ ላይ እንደዚያ አይደለም። ፕሮግራሙ ፓስወርዱን ወስዶ ቁልፍ ይሠራበታል፤ የፋይሉን ይዘት የሚያመሰጥረው በዚያ ቁልፍ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር መጠየቅ አለብን። ቁልፉ ከፓስወርዱ የሚወጣው እንዴት ነው? ይዘቱስ በቁልፉ የሚመሰጠረው እንዴት ነው? አሮጌውና አዲሱ መቆለፊያ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

ዚፕክሪፕቶ የዚፕ የድሮ መቆለፊያ ነው፤ ከፒኬዚፕ ፕሮግራም ጋር የመጣ። አሠራሩ ቀላል ነው። ሦስት ቁጥሮች አሉት፤ እያንዳንዳቸው 32 ቢት ናቸው። ሁልጊዜም ከታወቀ መነሻ ይጀምራሉ። ፓስወርዱ ፊደል በፊደል ሲገባ ሦስቱ ቁጥሮች ይለዋወጣሉ። የመጨረሻው ፊደል ካለፈ በኋላ የቀሩት ሦስት ቁጥሮች ቁልፉ ናቸው። ከዚህ በኋላ የፓስወርዱ ሥራ አለቀ። ፋይሉን የሚከፍቱት ቁጥሮቹ ናቸው። አራት ፊደልም አስገቡ ሃያ አራት፣ መጨረሻው ያው ሦስት ቁጥር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1994 ኤሊ ቢሃም እና ፖል ኮቸር የተባሉ ተመራማሪዎች የዚህን መቆለፊያ ድካም በጽሑፍ አሳዩ። ከተቆለፈው ፋይል ውስጥ ትንሽ ቁራጭ፣ ሳይመሰጠር ምን እንደነበረ ካወቁ፣ ከእሱ ተነስቶ ወደ ሦስቱ ቁጥሮች መድረስ ይቻላል። ዛሬ ይህን የሚሠሩ መሣሪያዎች 12 ባይት ይበቃቸዋል፤ ከ12ቱ 8ቱ ተከታታይ መሆን አለባቸው። 12 ባይት ማለት 12 የላቲን ፊደል ያህል ነው። ከዚያ በላይ የሚያውቁት ካለ ሥራው ይፈጥናል።

«የቆለፍኩትን ሰነድ ሌላ ሰው ከየት ያውቀዋል?» ትሉ ይሆናል። ሰነዱን ማወቅ አያስፈልገውም። ብዙ የፋይል ዓይነቶች አጀማመራቸው አንድ ነው። የፒኤንጂ ምስልን ውሰዱ። የማንም ሰው ይሁን፣ የምንም ነገር ሥዕል ይሁን፣ የመጀመሪያዎቹ 16 ባይቶች እነዚህ ናቸው፦

```
89 50 4E 47 0D 0A 1A 0A
00 00 00 0D 49 48 44 52
```

የላይኛው መስመር የፒኤንጂ መለያ ነው። ታች ያሉት ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣውን ክፍል ርዝመትና ስም ይናገራሉ። 12 ለሚበቃው ሰው 16 ሰጠነው ማለት ነው።

አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለ። ምስሉ ዚፑ ውስጥ ሳይታመቅ እንዳለ የገባ መሆን አለበት፤ ከታመቀ እነዚህ ባይቶች እንደነበሩ አይቆዩም። ፒኤንጂ ግን ራሱ አስቀድሞ የታመቀ ስለሆነ፣ ዚፑ ሲያምቀው ምንም ካልቀነሰለት ብዙ ፕሮግራም እንዳለ ያስገባዋል። የወዳጄን ፋይል በሰቨን ዚፕ ዝርዝሩን ስናወጣው የታየው ይሄ ነው፦

```
7z l -slt senedoch.zip

Path = scan01.png
Encrypted = +
Method = ZipCrypto Store
```

`Store` ማለት ሳይታመቅ የገባ ማለት ነው። በዚፑ ውስጥ አሥራ አንድ ፒዲኤፍ እና ይህ አንድ ምስል ነበሩ። ፒዲኤፎቹ ታምቀው ስለነበር አጀማመራቸው ለመገመት አይመችም። ግን አያድናቸውም። በአንድ ፓስወርድ የተቆለፉ ፋይሎች ሁሉ መነሻ ቁልፋቸው እነዚያው ሦስት ቁጥሮች ናቸው። በምስሉ በኩል ቁጥሮቹ ከተገኙ አሥራ አንዱም ፒዲኤፍ አብሮ ይከፈታል። በተራ ኮምፒውተር፣ ያቺ ሃያ አራት ፊደል ፓስወርድ ምን እንደነበረች ሳይታወቅ! ይህን ሳሳየው ወዳጄ ዝም አለ። እኔም አዘንኩለት፤ ከእሱ የሚጠበቀውን አድርጎ ነበርና።

አዲሱ መቆለፊያ ኤኢኤስ እዚህ ላይ ነው የሚለየው። እዚህ የምናየውን የኤኢኤስ ዚፕ አሠራር ያወጣው ዊንዚፕ ነው፤ በኋላ ሌሎችም ተቀበሉት። በኤኢኤስ የተመሰጠረ ፋይል ግማሹን ብታውቁት እንኳ ቁልፉን አትደርሱበትም። አጀማመሩን ማወቅ ምንም አይጠቅምም። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ፋይል የራሱ የዘፈቀደ ባይቶች ተጨምረውለት ቁልፉ ለብቻው ይወጣል። መጨረሻው ላይም ይዘቱ እንዳልተነካካ የሚያረጋግጥ ማኅተም አለ፤ አንድ ባይት ቢቀየር ፕሮግራሙ ያውቃል።

እንግዲህ ለሰባሪው የቀረው መንገድ ፓስወርዱን መገመት ብቻ ነው። የወዳጄ ሃያ አራት ፊደል ዋጋ የሚያገኘው አሁን ነው። የኤኢኤስ ዚፕ ቁልፉን ለማውጣት ፓስወርዱን 1,000 ጊዜ ደጋግሞ በስሌት ያሳልፈዋል፤ እያንዳንዱ ግምት እንዲዘገይ ማለት ነው። 1,000 ግን ለዛሬ ኮምፒውተር ትንሽ ነው። የሰቨን ዚፕ የራሱ ፎርማት፣ ማለትም `.7z`፣ 524,288 ጊዜ ያሳልፈዋል። አጭር ፓስወርድ ያለው የኤኢኤስ ዚፕ በግምት ሊወድቅ ስለሚችል፣ ኤኢኤስ መረጥኩ ብላችሁ ፓስወርዱን አታሳጥሩ።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ሰቨን ዚፕ ላይ ዚፕ ስትመርጡ፣ `Encryption method` የሚለው ቦታ ላይ አስቀድሞ የተቀመጠው `ZipCrypto` ነው። ወደ `AES-256` መቀየር የእናንተ ሥራ ነው። ብዙ ሰው የሚያልፈው ይቺን ነው። በትእዛዝ ከሆነ ደግሞ፦

```
7z a -tzip -mem=AES256 -p senedoch-aes.zip scan/
```

`-p` ብቻውን ሲቀመጥ ፓስወርዱን ይጠይቃችኋል። ሲጨርስ ዝርዝሩን እንደገና አውጡ፤ `Method` ላይ `AES-256` ካላያችሁ አልተቆለፈም በሉት።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ዚፕ በኤኢኤስም ቢቆለፍ የፋይሎቹን ስም አይደብቅም። «የፍቺ ውሳኔ» የሚል ፒዲኤፍ ካለ፣ ፓስወርድ የሌለውም ሰው ስሙን ያነበዋል። ስሙም እንዲደበቅ ከተፈለገ በ`.7z` ይሠራ፤ `-mhe=on` ይጨመርበት። ሁለተኛ፣ ተቀባያችሁ አሮጌ መክፈቻ ካለው አይከፍትለትም። የሊኑክሱ `unzip` ለምሳሌ እንዲህ ይላል፦

```
need PK compat. v5.1 (can do v4.6)
```

ፋይሉ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ መክፈቻው ኤኢኤስ አያውቅም ማለት ነው። ሰቨን ዚፕ አስጭኑት። እባካችሁ «አልከፈት አለኝ» ስላላችሁ ብቻ ወደ ዚፕክሪፕቶ አትመለሱለት።

ወዳጄ የዚያኑ ዕለት ሰነዶቹን በ`.7z` ደግሞ ቆለፋቸው። የድሮውን ዚፕ ግን አስቀድሞ ለሁለት ዘመዶቹ በኢሜይል ልኮት ነበር። ደወለላቸውና ከገቢ ሳጥናቸውም ከመጣያውም አስጠፋቸው። ከራሱ የተላኩ መልእክቶች ውስጥም አጠፋው።