የብርሃን ዓመት ወደ ኪሎሜትር ሲቀየር፦ ከአራት ኪሎ እስከ ሐዋሳ

የብርሃን ዓመት ርቀት ነው፣ ጊዜ አይደለም። ብርሃን ባዶ ህዋ ውስጥ በአንድ ዓመት የሚሄደው መንገድ ማለት ነው። ትርጉሙ ይሄው ነው ግን ስሙ ላይ "ዓመት" የምትል ቃል ስላለች ተማሪው ደብተሩ ላይ ቆንጆ አድርጎ ጽፎት ፈተና ላይ "ኮከቡ ምን ያህል ይርቃል" ሲባል "ቲቸር፣ ዓመት እኮ ርቀት አይሆንም" ብሎ ይከራከራል። አራት ኪሎ አካባቢ ቱቶር ሳስጠና ይሄ ክርክር ሳይነሳ የቀረበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። መልሱ ታክሲ ውስጥ አለ። "ፒያሳ ስንት ይርቃል?" ሲሉን "አስር ደቂቃ ነው" እንል የለ? ርቀቱን በሰዓት ተናገርን ማለት ነው። የኛ አስር ደቂቃ መንገድ ሲዘጋጋ አርባ ትሆናለች፣ የብርሃን ፍጥነት ግን ባዶ ቦታ ላይ ንቅንቅ የለም፣ በሰከንድ 299,792.458 ኪሎሜትር ነው፣ ከ1983 እ.ኤ.አ. ወዲህ እንደውም ሜትር ራሱ የሚለካው በዚህ ቁጥር ነው። ስለዚህ በሰዓት መናገሩ አያጭበረብርም።

ስሌቱ ማባዛት ብቻ ነው። ፍጥነቱን 300,000 ብለን እናጠጋጋውና ሰከንዱን ወደ ደቂቃ፣ ደቂቃውን ወደ ሰዓት፣ ሰዓቱን ወደ ቀን፣ ቀኑን ወደ ዓመት እያልን እንወጣለን፦

```
300000 × 60 × 60 × 24 × 365 = 9460800000000
```

9.46 ትሪሊዮን ኪሎሜትር ማለት ነው። ችግሩ የሚመጣው በሱቅ ካልኩሌተር ሲሰራ ነው። አብዛኛው የሱቅ ካልኩሌተር 12 አሃዝ ነው የሚይዘው፣ 24 ድረስ በሰላም ይሄድና (25,920,000,000 ያሳያል) ልክ በ365 ሲባዛ መልሱ 13 አሃዝ ስለሚሆን E የምትል ፊደል ያወጣና ድርቅ ይላል። ተማሪው ተበላሸ ብሎ ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ እንደገና E። መፍትሄው ከ300,000 ላይ ሦስት ዜሮ ቀንሶ በ300 መጀመርና የቀነሷትን ሦስት ዜሮ መጨረሻ ላይ መመለስ ነው። በስልክ የሚሰራው ደግሞ አንዳንዴ 9.4608E12 የሚል ይወጣለትና 94608 ጽፎ ከኋላው አስራ ሁለት ዜሮ ይደረድራል። E12 ማለት ግን ነጥቧን አስራ ሁለት ቦታ ወደ ቀኝ ውሰዳት ነው፣ አራቱን ቦታ 4608 ስለሚይዙት የሚቀረው ስምንት ዜሮ ብቻ ነው።

ልክ መሆኑን ለማወቅ መልሱን ከፀሐይ እስከ ምድር ላለው ርቀት ማካፈል ነው፣ እሱ 150 ሚሊዮን ኪሎሜትር ገደማ ነው። 63,000 አካባቢ ከመጣ ደህና ነው። አንድ ሺህ አካባቢ ከመጣ አንዷ 60 ተረስታለች ማለት ነው፣ በጣም የተለመደችው ስህተት እሷ ናት።

አሁን ወደምወዳት ነገር ልምጣ። አንድ ጎበዝ ልጅ "ቲቸር ዓመቱ 365 ነው ወይስ 366?" ብሎ ይጠይቃል፣ ጥያቄውም ልክ ነው። የዓለም አቀፉ የአስትሮኖሚ ማህበር ለብርሃን ዓመት የሚጠቀመው ዓመት በትክክል 365.25 ቀን ነው፣ የጁሊያን ዓመት ይባላል። የፈረንጆቹ ካላንደር ግን በአማካይ 365.2425 ነው፣ ምክንያቱም በ400 ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ የምትዘለል ቀን አለቻቸው። የኛ ካላንደር ምንም አይዘልም፣ ጳጉሜ ሦስት ዓመት አምስት ትሆናለች፣ በአራተኛው ስድስት፣ በቃ። አማካዩን አውጣው፣ 365.25! አስትሮኖሚዎቹ የሚለኩበት ዓመት ርዝመቱ ከኛ ዓመት ጋር አንድ ነው። ይሄን ስነግራቸው እንቅልፍ የወሰደው ሁሉ ይነቃል።

ያቺ ሩብ ቀን ደግሞ ትንሽ እንዳትመስላችሁ፣ ብርሃን በስድስት ሰዓት ውስጥ 6.5 ቢሊዮን ኪሎሜትር ገደማ ይሄዳል፣ ኔፕቲዩን እንኳን ከፀሐይ የምትርቀው 4.5 ቢሊዮን ነው። ታዲያ እሷን ትተን እንዴት መልሳችን ልክ መጣ? በአጋጣሚ ነው። ፍጥነቱን ወደ 300,000 ከፍ አደረግነው፣ ዓመቱን ወደ 365 ዝቅ አደረግነው፣ ሁለቱ ስህተቶች መጠናቸው እኩል ለእኩል ሊሆን ምንም ስላልቀረው ተጣፉ። ትክክለኛው 9,460,730,472,580.8 ኪሎሜትር ነው፣ የኛ ከሱ የሚበልጠው በ70 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው፣ ከዚህ እስከ ፀሐይ ያለውን ግማሽ እንኳን አይሞላም። አንዱን ብቻ አስተካክሎ ሌላውን ያጠጋጋ ተማሪ ግን ከኛ የባሰ ይሳሳታል፣ 300,000 በ365.25 ያባዛው ማለቴ ነው፣ ልፋቱ ያሳዝናል።

ትሪሊዮን የሚለውን ቃል ልጆቹ ከበጀት ዜና ያውቁታል፣ ማወቅ ማለት ግን መስማት አይደለም። ስለዚህ ቁጥሩ ከወጣ በኋላ አራት ኪሎ ሐውልቱ ጋ እንደቆምን እናስብና ከፀሐይ እስከ ምድር ያለውን 150 ሚሊዮን ኪሎሜትር አንድ እርምጃ እናደርገዋለን፣ አንድ ሜትር። በዚህ ስኬል ፀሐይ አንዲት ሽምብራ ታክላለች፣ ምድር ደግሞ የጤፍ ፍሬ አንድ አስረኛ ናት፣ አትታይም። ኔፕቲዩን 30 ሜትር ላይ ናት፣ አደባባዩን ሳንለቅ ፕላኔቶቹ አለቁ። ከዛ አንድ የብርሃን ዓመት ስንት ይሆናል? ቅድም ለማረጋገጫ ያካፈልናት ቁጥር መልሱን ይዛለች፣ 63,000 ሜትር፣ ማለትም 63 ኪሎሜትር። አልፋ ሴንታውሪ 4.37 የብርሃን ዓመት ስለሆነ (በእውነተኛው 41 ትሪሊዮን ኪሎሜትር ገደማ) 276 ኪሎሜትር ላይ ይውላል። በመኪና መንገድ ሐዋሳ መሆኑ ነው። ሽምብራዋ አራት ኪሎ፣ ቀጣዮቹ ሽምብራዎች ሐዋሳ (አልፋ ሴንታውሪ በአይን አንድ ይመስላል እንጂ ሁለት ኮከብ ነው፣ ሦስተኛው ፕሮክሲማ ትንሽ ወደኛ ቀረብ ብሎ 4.24 ላይ አለ፣ በአይን አይታይም)። መሀል ላይ በእኛ አይን የሚታይ ኮከብ የለም።

ይሄ ኮከብ ደግሞ ከአዲስ አበባ ይታያል፣ አውሮፓ ያለ ሰው አያገኘውም። ግንቦት ላይ ሰማዩ ከጠራ ከምሽቱ 4 እና 5 ሰዓት ላይ ወደ ደቡብ ዝቅ ብሎ ማየት ነው፣ ሁለት ደማቅ ኮከቦች ጎን ለጎን አሉ፣ በግራ ያለው ደመቅ የሚለው እሱ ነው። ፎቅ ካልከለለው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ሁሉንም ኮከብ በ13 አሃዝ መቀየር ሞኝነት ነው። የአልፋ ሴንታውሪ ርቀት በደንብ የተለካ ነው፣ ኦሪዮን ላይ ያለው ቀዩ ቤቴልጌዝ ግን እንደ ልኬቱ ከ500 እስከ 700 የብርሃን ዓመት ይባላል፣ በዚህ ላይ 9,460,730,472,580.8 ብሎ ማባዛት ቀልድ ነው፣ 9.5 ትሪሊዮን ይበቃዋል።

መጨረሻ ላይ የምሰጣቸው ጥያቄ አለ። አውሮፕላን በሰዓት 900 ኪሎሜትር ሳያርፍ ቢበር አንዱን የብርሃን ዓመት ለመጨረስ 1.2 ሚሊዮን ዓመት ይፈጅበታል (በዓመት 7.9 ሚሊዮን ኪሎሜትር ገደማ ስለሚሄድ አካፍሉት)። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ያለችው ድንቅነሽ የኖረችው ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። በሷ ጊዜ ከቦሌ ተነስቶ ወደ አልፋ ሴንታውሪ የሚበር አውሮፕላን ዛሬ የት ደርሷል? ሲያሰሉት 2.67 የብርሃን ዓመት ይመጣል፣ በኛ ካርታ 168 ኪሎሜትር። ዝዋይን ገና ማለፉ ነው።