መሬቱ ወይስ ቤቱ? በንብረት ታክስ ላይ ያሉ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«መሬቱ የመንግሥት ነው፤ የእኔ ያልሆነ ነገር እንዴት ግብር ይጠየቅበታል?»

ግብሩ የሚታሰበው በመጠቀም መብቱ ላይ ነው። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የንብረት ታክስ አዋጅም መሬት የመጠቀም መብትንና ሕንፃን ሁለቱንም ይዟል። መብቱ ዋጋ እንዳለው ለማየት አዲስ አበባ አያት አካባቢ የጭቃ ቤት ሲሸጥ መመልከት ይበቃል። ገዢው ካርታውን ይመረምራል እንጂ ጣሪያውን ቀና ብሎ አያይም፤ ቤቱን በማግስቱ ያፈርሰዋል።

«ባዶ ቦታ ምን ያስገኛል? መክፈል ያለበት ቤት የሠራ ነው።»

አያት ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት እኩል ቦታዎችን እናስብ፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው። የእያንዳንዱ ቦታ ዋጋ 4 ሚሊዮን ብር ነው። አንዱ ባለይዞታ 4 ሚሊዮን የሚያወጣ ጂ ፕላስ ዋን ሠርቷል፤ ሌላው በቆርቆሮ አጥሮ ዋጋው እስኪጨምር ይጠብቃል። ከሁለቱ 24,000 ብር መሰብሰብ አለበት እንበል።

በቤት ዋጋ ብቻ ከታሰበ የሠራው ሙሉውን 24,000 ይከፍላል፤ ያጠረው ምንም። በመሬት ብቻ ከሆነ እያንዳንዳቸው 12,000። ሁለቱም በአንድ ምጣኔ ከታሰቡ ደግሞ 16,000 እና 8,000 ይሆናል።

አሁን የሠራው ሰውዬ ጓሮው ላይ 1 ሚሊዮን ብር አውጥቶ ሰርቪስ ቤቶች ይጨምር። በቤት ዋጋ፣ በዚያው ምጣኔ፣ በየዓመቱ 6,000 ብር ይጨመርበታል። በመሬት ዋጋ ግን አንድ ሳንቲም አይጨመርበትም። የአጥሩን ባለቤት ዋጋ ከፍ የሚያደርገው ደግሞ አስፋልትና የውኃ መስመር ነው፤ እሱ አላወጣበትም። ለእኔ የመሬት ግብር ደጋፊዎች ጠንካራ መከራከሪያ ይህ ነው።

«የመሬት ግብር ቢመጣ አከራይ ተከራዩ ላይ ይጭነዋል።»

አከራይ አሁንም ገበያው የሚችለውን ያህል ነው የሚጠይቀው። ግብሩ የቦታውን ስፋት ስለማይቀንስና የተከራዩን ቁጥር ስለማይጨምር ኪራይ የሚያስወድድ ምክንያት አይኖረውም። በቤት ላይ ያለው ግብር ግን ሰርቪስ የሚሠራውን ያሳስባል፤ ክፍሎች ካነሱ ውሎ አድሮ ኪራይ ይወደዳል። ከገበያው በታች ሲያከራዩ የቆዩ ግን ግብሩን ምክንያት አድርገው መጨመራቸው አይቀርም።

«እንግዲያው በመሬት ብቻ ይሁን!»

አስቸጋሪው እዚህ ነው። መንገድ በወጣበት ሰፈር አሮጌ ቤት ውስጥ የሚኖሩ ጡረተኛ እናት የቦታቸው ዋጋ ሲንር ግብራቸውም ይንራል፤ ጡረታቸው ግን ያው ነው። ለእሳቸው ክፍያው ቤቱ እስኪሸጥ ወይም ለወራሽ እስኪደርስ ካልተላለፈ ቤታቸውን ሊያስለቅቃቸው ይችላል። የቤት ዋጋ ደጋፊዎች ትልቅ ቤት የሠራ የመክፈል አቅም እንዳለው ያሳያል ይላሉ፤ ሁሌም ባይሆን ብዙ ጊዜ እውነት ነው።

ግምቱም ሌላ ጣጣ አለው። ቤት ተለክቶና የተሠራበት ዕቃ ታይቶ ይገመታል። የቦታ ዋጋ ከሽያጭ ይወሰዳል፤ ሻጭና ገዢ በውሉ ላይ ዝቅ አድርገው ሲጽፉ ግን ትክክለኛውን ዋጋ የሚያውቀው ደላላው ነው። ሁለት ጎረቤቶች እኩል ቦታ ይዘው የተለያየ ግምት ከደረሳቸው፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ገማቹ የትኞቹን ሽያጮች እንዳነጻጸረ ነው።