ኦፒዮይድ ማስታገሻ ከእንቅልፍ አምጪ መድኃኒቶችና ከጋባፔንቲን ጋር ሲደረብ የሚያስከትለው የትንፋሽ መዳከም

ሞርፊን፣ ፔቲዲን፣ ኮዴይንና ትራማዶልን የመሳሰሉ ኦፒዮይድ ማስታገሻዎች ሕመምን በሚያደነዝዙበት መጠን ትንፋሽንም ሊያዳክሙ ይችላሉ። በጤናማ ሰው ደም ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲከማች በአንጎል ግንድ ያሉት የትንፋሽ ማዕከላት ቶሎ ቶሎና በጥልቀት እንዲተነፍስ ያደርጉታል። ኦፒዮይድ ይህን ምላሽ ስለሚያደበዝዘው ሰውየው አየር እያነሰውም የመታፈን ስሜት ላይሰማው ይችላል። ዲያዜፓምና መሰሎቹ ቤንዞዳያዜፒኖች ደግሞ ጋባ የተባለውን የአንጎል ማረጋጊያ ኬሚካል ሥራ ያጠናክራሉ፤ በዚህም እንቅልፉ ይከብዳል፣ የጉሮሮ ጡንቻዎችም ይላላሉ። በመሆኑም ለየብቻቸው ሲወሰዱ የማያሰጉ ሁለት መጠኖች አብረው ሲወሰዱ ትንፋሽን እስከማቆም ሊያደርሱ ይችላሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በሁለቱም የመድኃኒት ወገኖች መግለጫ ላይ ከፍተኛው ማስጠንቀቂያ በሣጥን ተከብቦ እንዲታተም አዟል። አልኮልም የሚያደርሰው ጉዳት ከዚሁ ወገን ነው።

ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን ግን ለረጅም ጊዜ ከዚህ ሥጋት ውጪ ተደርገው ይታዩ ነበር። ለሚጥል በሽታና ለነርቭ ሕመም የሚታዘዙት እነዚህ መድኃኒቶች በነርቭ ሴሎች ላይ ካሉት የካልሲየም መተላለፊያዎች ጋር በመጣበቅ የሕመም መልእክቱን ያቀዘቅዛሉ። የኦፒዮይድን መጠን ለመቀነስ ይረዳሉ በሚል ከቀዶ ሕክምና በኋላ ከሞርፊን ጋር መደረባቸውም የተለመደ ሆኖ ቆይቷል። ይኸው አስተዳደር በታኅሣሥ 2019 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ማሳሰቢያ ኦፒዮይድ ወይም ሌላ አደንዛዥ መድኃኒት የሚወስዱ፣ የሳንባ ሕመም ያለባቸውና በዕድሜ የገፉ ሰዎች በጋባፔንቲንና በፕሪጋባሊን ምክንያት ትንፋሻቸው በብርቱ ሊዳከም እንደሚችል አስታውቋል። ከዚህም በላይ ሞርፊን የአንጀትን እንቅስቃሴ ስለሚያዘገይ ጋባፔንቲን ረዘም ላለ ጊዜ እየተመጠጠ ይቆያል፤ በአንድ ጥናት 60 ሚሊግራም ሞርፊን ቀድሞ ሲሰጥ ወደ ደም የገባው የጋባፔንቲን መጠን በ44 በመቶ ገደማ ጨምሯል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ኩላሊት ነው። ጋባፔንቲን በጉበት ሳይፈጭ እንዳለ በሽንት ይወጣል፤ የሞርፊን ኃይለኛ ውላጅም እንዲሁ በኩላሊት በኩል ይወገዳል። ለአብነት የጉልበት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን፣ 60 ኪሎ የሚመዝኑ የ72 ዓመት እናት እናስብ። የኩላሊትን ሥራ የሚያመለክተው የደም ምርመራ፣ የክሬአቲኒናቸው ውጤት፣ 1.5 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው፤ ወረቀቱ ላይ ሲያዩት ብዙም የሚያስደነግጥ አይደለም። ነገር ግን ዕድሜ፣ ክብደትና ጾታ ገብተው ሲሰላ የኩላሊታቸው የማጥራት አቅም በደቂቃ 32 ሚሊሊትር ገደማ ብቻ ነው። በዚህ አቅም የሚፈቀደው ጋባፔንቲን በቀን ከ400 እስከ 1400 ሚሊግራም ሲሆን ለእርሳቸው ግን 600 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ፣ ማለትም 1800፣ ከሞርፊን ጋር ታዝዞላቸዋል። የመጀመሪያው ቀን በሰላም ያልፋል፤ መድኃኒቱ ግን ከሚወጣው የሚገባው እየበለጠ ይጠራቀማል፤ በሁለተኛው ሌሊት ደግሞ «እንቅልፍ እንዲወስዳቸው» ተብሎ ዲያዜፓም ይጨመርበታል።

በዚያ ሌሊት አስታማሚዋ የምትሰማው ከወትሮው የከበደና እየተቆራረጠ የሚመጣ ኩርፊያ ነው። ብዙ ቤተሰብ ይህን የጥሩ እንቅልፍ ምልክት አድርጎ ስለሚወስደው ሕመምተኛውን ላለመቀስቀስ ይጠነቀቃል። ተረኛዋ ነርስ ጣታቸው ላይ ያለውን የኦክስጅን መለኪያ ብታየው 96 በመቶ ይላል፤ በአፍንጫቸው ኦክስጅን እየተሰጣቸው ስለሆነ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየተከማቸም ቁጥሩ ላይወርድ ይችላል። በዚህ ጊዜ ከመለኪያው ይልቅ የሚታመነው የደረትን መነሣትና መውረድ ሙሉ አንድ ደቂቃ መቁጠር፣ እንዲሁም ስማቸውን ጠርቶ ትከሻቸውን መነቅነቅ ነው። በደቂቃ ሰባት ጊዜ ብቻ የሚተነፍሱ፣ ተቀስቅሰው ቃል ሳይጨርሱ ተመልሰው የሚያንቀላፉና የዓይናቸው ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ የጠበበ ከሆነ የሚቀጥለው መጠን መቆም፣ ሐኪምም ወዲያው መጠራት አለበት። እስከዚያው አገጫቸው ቀና ተደርጎ የአየር መንገዳቸው ይከፈታል፤ ትንፋሻቸው ካልበቃም አምቡ ባግ በተባለው በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጥ ከረጢት ይታገዛል።

ማርከሻው ናሎክሶን የሚሽረው የኦፒዮይዱን ድርሻ ብቻ ነው፤ ዲያዜፓሙና ጋባፔንቲኑ በቦታቸው ይቆያሉ። ስለዚህ ከመርፌው በኋላ ትንፋሹ ተሻሽሎ ድብታው ባይለቅ መርፌው አልሠራም ማለት አይደለም። ጋባፔንቲን የራሱ ማርከሻ የለውም፤ ኩላሊታቸው እጅግ በደከመባቸው ሰዎች በደም እጥበት ሊወገድ ይችላል። ናሎክሶን በአብዛኛው ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ኃይሉ ያልቃል፤ ኩላሊቱ በደከመ ሰው ውስጥ ግን ሞርፊኑ ከዚያ በኋላም ለሰዓታት ስለሚቆይ የነቃው ሕመምተኛ እንደገና ሊያንቀላፋ ይችላል፤ ክትትሉም በዚሁ ልክ መርዘም አለበት።

እነዚህን መድኃኒቶች ለወራት አብረው ሲወስዱ የቆዩ ሰዎች ጉዳይ የተለየ ነው። ቤንዞዳያዜፒንን በድንገት ማቋረጥ የሚጥል ሕመም ሊያመጣ ይችላል፤ ጋባፔንቲንም እንዲሁ በአንድ ጊዜ አይቆምም። ሐኪሙ በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ መርጦ በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ይቀንሰዋል።